ከገጽ 37 ቅምሻ

መጀመሪያ ያየችኝ በቀኝ እጄ የገዛ ሰገራዬን ይዤ ነው።

የፍቅር ታሪክ በዚህ አይጀመርም ትሉኝ ይሆናል። እኔም ሌላ መጀመሪያ ብዙ ፈልጌለት ነበር። ዝናብ ላይ ተገናኘን ልል ነበር። ታክሲ ውስጥ አጠገቧ ተቀመጥኩ ልል ነበር። ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለው ጥፋት ሁሉ የመጣው እውነቱን ሳሳምር ስለሆነ፣ እንደነበረው ልንገራችሁ።

ክሊኒኩ ውስጥ የላቦራቶሪው መስኮት ትንሽ ናት። ከኋላዬ ስምንት ሰው ተሰልፏል። ከመስኮቷ ጀርባ ነጭ ጋውን የለበሰች ልጅ ዕቃዬን ተቀበለችኝና ወደ ብርሃን አነሳችው። እስከ አፉ ሞልቼዋለሁ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የታዘዘው ነው።»

«የታዘዘው የባቄላ ፍሬ የሚያክል ነው። አንተ የወሩን ነው ያመጣኸው።»

ከኋላዬ ያሉት ስምንቱም ሳቁ። አንድ ሽማግሌ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

«ይቅርታ ሲስተር።»

«ሲስተር አይደለሁም፤ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ክዳኑን ግጠመውና አስቀምጠው። ግማሽ ሰዓት ቆይተህ ተመለስ።»

የትም አልሄድኩም። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ አየኋት። በቀጭን እንጨት የመርፌ ራስ የምታክል ወሰደች። መስታወት ላይ አንድ ጠብታ ፈሳሽ አድርጋ ለወሰችው። በስስ መስታወት ሸፈነችውና ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች። ሲበቃት ጓንቷን አውልቃ ጣለች፣ እስከ ክርኗ ታጠበች፣ ኮሪደሩ ላይ ወጣችና ከቦርሳዋ ዳቦ አውጥታ ገመጠች።

ስትታጠብ በዓይኔ አይቻታለሁ። ቢሆንም ፊቴን አዞርኩ።

ያን ጊዜ እንደተጸየፍኳት አልክድም።

ከአስር ቀን በኋላ መድኃኒቱን ጨርሼ ለድጋሚ ምርመራ ስሄድ መስኮቷ ላይ ዕቃዬን አየችና፣

«ዛሬ መጠኑን አውቀህበታል» አለችኝ።

ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። የፊት ጥርሶቿ መሃል ትንሽ ክፍተት ነበረች። ውጤቱ ንጹህ መሆኑን ስትነግረኝ ሻይ ልጋብዝሽ አልኳት። ይሄ ሻይ መጋበዣ ቦታ አይደለም አለችኝና፣ መጣች።

ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ተቀመጥን። ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ። ተቀበልኳትና ሌላ ወሬ ሳወራ ኪሴ ከተትኩት።

«ኪስህ ራበው?» አለችኝ።

የምገባበት ጠፋኝ። እሷ ግን አልተቆጣችም። የሻይ ማንኪያዋን እያዞረች፣ ረጋ ብላ አንድ ነገር ነገረችኝ። ከዚያ በፊት ለሁለት ዓመት አጭቷት የቆየ ሰው ነበረ። ከሥራ ስትመጣ፣ ምግብ ሲቀርብ፣ ሁልጊዜ አንድ ቃል ይጠይቃታል። «ታጠብሽ?»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። እጁን ከእኔ በላይ የሚታጠብ ሰው እኮ የለም። ቆዳዬ እስኪሰነጠቅ ነው የምታጠበው። ይሄን ለማንም አልነገርኩም። ለእናቴም አልነገርኩም። ለምን እንደተለያየን እስካሁን አታውቅም።»

ያን ዳቦ ከኪሴ አወጣሁት። የኪስ ቆሻሻ ተለጥፎበታል። እንዳለ በላሁት።

«አሁንስ አንተ ነህ ያስጠላኸኝ» ብላ ሳቀች... ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔና እሷ «እኛ» ሆንን።

ሦስት ዓመት። በሦስቱ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ልብ ወለዴን ጻፍኩ። ስሙ «ጓንት» ነው። ባለታሪኳ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች፤ ባለታሪኩ ይወዳታል፣ ይጸየፋታል፣ ይጎዳታል፣ ይጸጸታል። ላንብበው ስትለኝ «ሲታተም» እላታለሁ። በስጦታ ወረቀት ጠቅልዬ ልሰጣት ነበር ሐሳቤ። መጽሐፉ ሲወጣ ልንጋባም ተነጋግረን ነበር።

ለሰው ስጦታ ብዬ የምሸሽገው ነገር የራሱ የሰውየው ንብረት ሊሆን እንደሚችል አላሰብኩም።

አሳታሚው ቢሮ የተጠራሁት ሰኞ ከሰዓት በፊት ነው። ጋሼ እያልኩ የምጠራው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ የታተመው ሽፋን ተዘርግቷል። የፊደል እርማቱ ሁለት ጊዜ ተሠርቷል፤ የውስጡ ገጽ ሁሉ ታትሞ አልቋል፤ የቀረው ማጠፍ፣ መስፋት፣ መጠረዝ ነው።

«እንግዲህ ማስታወቂያውን አንተ በገጽህ ታወጣለህ» አለኝ። «አዲስ ደራሲ ነህ፤ በእኔ ገጽ ቢወጣ የድርጅት ወሬ ይሆናል። ባንተ ሲሆን የልጅ መውለድ ያህል ነው፣ ሰው እንኳን ደስ ያለህ ይላል። ሽፋኑን ታደርጋለህ። የገጹን ብዛት፣ ቀኑን፣ የት የት እንደሚገኝ ትጽፋለህ። ከዚያ ቅምሻ።»

«ከምዕራፍ አስራ አንድ መርጫለሁ» አልኩት። ባለታሪኩ እጇን ይዞ የሚጸጸትበት ቦታ ነው።

አነበበው። አዛጋ።

«ጥሩ ነው። ግን ያስተኛል። ስልክ ላይ የሚታየው የመጀመሪያው አራት አምስት መስመር ነው፤ የቀረውን "ተጨማሪ" የሚለውን ካልነካ አያየውም። በአራት መስመር አውራ ጣቱን ማስቆም አለብህ።» ገጾቹን ገለጠ፣ ገለጠ፣ ገጽ 37 ላይ ቆመ። «ይኸው። ይሄ ያስቆማል።»

አነበብኩት። ልቤን ትንሽ ጎረበጠኝ። ቢሆንም እውነቱን ልናገር፤ አሳታሚው እጄን አልጠመዘዘም። የራሴ ዓረፍተ ነገር ጣፈጠኝ። ድጋሚ ሳነበው ደግሞ ይበልጥ ጣፈጠኝ።

አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሰው ከሥራ ወጥቶ ታክሲ ሲጠብቅ ስልኩን በሚያይበት ሰዓት፣ እንዲህ ብዬ ለጠፍኩ፤

«ውድ ወዳጆቼ፣ የመጀመሪያ ልብ ወለዴ "ጓንት" ሊወለድ ነው። በ212 ገጽ፣ ከመጪው ሳምንት ቅዳሜ ጀምሮ በመጻሕፍት መደብሮች ታገኙታላችሁ። እስከዚያው ከገጽ 37 ቅምሻ ይኸው፤

"እጇን አየሁት። የስንት ሰው ሆድ ዕቃ ያለፈበት እጅ ነው። በዚያ እጅ ዳቦ ቆርሳ ስትዘረጋልኝ ጉሮሮዬ ተዘጋ። አቅለሸለሸኝ። «ታጠብሽ?» አልኳት። ዓይኖቿ እንባ ሞሉ። እጇን ጠረጴዛው ስር ደበቀችው። ስታለቅስ እንዴት ታምር ነበር..."»

ሰው ጎረፈ። እንኳን ደስ ያለህ፣ ብዕርህ ይባረክ፣ መቼ ነው ቅዳሜ። አሳታሚው ደወለ፤ «አራት መቶ ሰው አጋርቶታል ልጄ፤ መደብሮቹ ተጨማሪ ቅጂ እየጠየቁኝ ነው።» ክፍሌ ውስጥ እየተንጎራደድኩ ለእያንዳንዱ አስተያየት ልብ እሰጣለሁ።

ከዚያ ሌሎቹ መጡ። የሚያስመልሳቸው አረንጓዴ የፊት ምልክቶች በሰልፍ። «እኔም ላቦራቶሪ የምትሠራ ጠብሼ ነበር፤ ሮጬ አመለጥኩ» ያለ አለ። «እንዲህ ዓይነቷን ለሚስትነት አይደለም ለጎረቤትም» ያለ አለ። አንዱ ደግሞ «ለልጅቷ በርሜል ሳኒታይዘር እናዋጣላት» ብሎ ጻፈ። ሁለት መቶ ሰው ስቆለታል።

እኔም ሳቅኩለት። ጣቴ ሄዳ የሳቁን ምልክት ነካች። እሱ ላይ ስሜ እስከ ዛሬ አለ።

በማግስቱ የታተመውን ሽፋን ጠቅልዬ ክሊኒኩ ሄድኩ። ሰልፍ አለ። ከጎን ቆሜ ሰዉ እስኪያልቅ ስጠብቅ የአምቡላንሱ ሾፌር የቁልፍ መያዣውን እያሽከረከረ አለፈና ወደ መስኮቷ አንገቱን አስግጎ፣

«ሲስተር፣ ታጠብሽ?» አለ።

ካርድ ክፍል ያሉት ሳቁ። ተሰልፎ ከነበረው ሰው አንዱ ምን እንደሆነ ሳያውቅ አብሮ ሳቀ። እሷ ቀና አላለችም። ከቀጣዩ ሰው ዕቃውን ተቀበለች፣ ቁጥር ጻፈችበት፣ አስቀመጠችው።

አፌን ውሃ ውሃ የሚል ምራቅ ሞላው። ሰው ሊያስመልሰው ሲል የሚመጣው ዓይነት።

ስታየኝ ጓንቷን አውልቃ ወጣች። ካርድ ክፍል የምትሠራው ጓደኛዋ ጥግ ላይ ሆና ወለሉን ታያለች። የእኔን ጽሑፍ ከመጀመሪያ ጀምሮ የምትከታተል፣ ማስታወቂያውንም በደስታ ሮጣ ያሳየቻት እሷ ናት።

«አነበብሽው?» አልኳት።

«ቀመስኩት።»

«ጠቅላላውን ብታነቢው እንዲህ አይደለም። ምዕራፍ አስራ አንድ ላይ ይጸጸታል። እጇን ይዞ...»

«ከገጽ 37 እስከዚያ ስንት ገጽ ነው?»

«መቶ አርባ ቢሆን ነው።»

«የአምቡላንሱ ሾፌር መቶ አርባ ገጽ ይመጣልኛል?»

የጠቀለልኩትን ሽፋን ወደ ጀርባዬ አዞርኩት።

«እናቴስ ትመጣለች? ትናንት ማታ ጎረቤቷ አነበበችላት። ዛሬ ጠዋት ደውላ "ልጄ፣ በዚህ ነበር እንዴ የተለያያችሁት? ለምን አልነገርሽኝም?" አለችኝ። አራት ዓመት የሸሸግኩትን አንተ በአራት መስመር ጨረስከው።»

«ስምሽን አልጻፍኩም እኮ።»

ይሄን በማለቴ ዛሬም ራሴን እጸየፋለሁ።

«ስሜንማ ብትጽፍ ይሻል ነበር» አለችኝ። «ተከሳሽ አደርግህ ነበር። አሁን ምን ብዬ ልናገር? ያቺ እኔ ነኝ ብዬ?»

«ይቅርታ...»

«ሳኒታይዘር ላለው ሰውዬ ስቀህለታል። አይቻለሁ።» ወደ በሩ ዞረች። «ሂድ አሁን። ናሙናው ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው ነገር መንቀሳቀስ ያቆማል፤ ከዚያ ብፈልገውም አላገኘው።»

ሽፋኑን እንደጠቀለልኩት ይዤ ተመለስኩ።

ቤቴ ገብቼ ማስታወቂያውን ላጠፋ ጣቴን አነሳሁ። መጀመሪያ ግን ልንገራት ብዬ «ላጠፋው ነው» የሚል መልእክት ላክሁላት። ቶሎ መለሰች።

«አታጥፋው። ካጠፋኸው የሚቀረው ሰው ስክሪንሾት አድርጎ የያዘው ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ማንም ሊያርመው አይችልም። መጽሐፉን ላክልኝ። ሙሉውን።»

ማተሚያ ቤት ሄጄ ለፊደል እርማት የወጣውን ወረቀት ለመንኳቸው፤ 212 ገጽ በላስቲክ ታስሮ ተሰጠኝ። ለካርድ ክፍሏ ጓደኛዋ አደረስኩ። ከዚያ አሳታሚው ጋ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ መጠረዙ ይቁም።»

መነጽሩን ከግንባሩ ላይ አወረደና በደንብ አየኝ።

«ሐሙስ ይገባል መጠረዣ። ምን ሆነህ ነው?»

ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲሆን ክፉ ሰው ቢኖር ይቀል ነበር፤ እሱ ግን ክፉ ሰው አይደለም።

«ያስቆማል ስልህ የሚያስቆመው ምን እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ» አለ። «ግን ልጄ፣ ለመደብሮቹ ቀን ሰጥቻለሁ። እስከ ሰኞ እታገስሃለሁ።»

አራት ቀን ጠበቅኩ። ስልኬ ይጮሃል፤ አስተያየት ነው። አዲስ ሰው «ታጠብሽ?» ብሎ ጓደኛውን ይጠራል። ቃሉ ቀልድ ሆኖ ገበያ ወጥቷል። የራሴን መጽሐፍ ኮምፒውተሬ ላይ ከፍቼ አነበብኩ። ከመለጠፌ በፊት የማደንቃቸው ቦታዎች አሁን ሽታ አላቸው። «ስታለቅስ እንዴት ታምር ነበር» የሚለው ጋ ስደርስ ተነስቼ መስኮት ከፈትኩ። ሌላ ሰው ጽፎት ባየው ኖሮ ይሄ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው እል ነበር።

እሁድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ያንን የወረቀት ክምር ታቅፋ ቆማለች። ገጾቹ ጠርዝ ላይ የእርሳስ ምልክት ሞልቷል። ሰላም ሳትለኝ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ተቀመጥ። ገጽ 19።»

ተቀመጥኩ።

«እዚህ ጋ ያለ ጓንት ናሙና አስነክተሃታል። ከሥራ ልታስባርራት ነው? ገጽ 22። "አሜባው መስታወቱ ላይ ይዋኛል" ይላል። አሜባ አይዋኝም፤ ይሳባል። የሚዋኘው ጃርዲያ ነው።»

«አስተካክላለሁ።»

«ምን ታስተካክላለህ፣ ሦስት ዓመት አጠገቤ ተቀምጠህ አሜባ ታስዋኛለህ።»

ልስቅ ስል አየችኝ፤ ተውኩት። ገጽ 37ን አወጣች። አንድ ቃል ብቻ ተከቦበታል፤ «እንባ»።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«እንደዚያ... መስሎኝ ነው።»

«"ታጠብሽ?" ያ ያጨኝ ሰው ሲለኝ ምን ብዬ እንደመለስኩለት ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትዝታዬን ፈተሽኩ። ያን ቀን ዳቦውን ከኪሴ ሳወጣ ጨዋ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ምን ሆነ ብዬ ግን አንድ ቀን አልጠየቅኩም። መልሱን ራሴ ሞላሁት። በእንባ ሞላሁት።

«አላውቅም» አልኳት።

«ልንገርህ። የመጨረሻው ቀን ነው። ታጥቤ ነው የተቀመጥኩት። "ታጠብሽ?" አለኝ። "አልታጠብኩም" አልኩት። ውሸቴን። ከዚያ በዚሁ እጄ ሳህኑ ላይ ያለውን ዳቦ በሙሉ አንድ በአንድ አነሳሁና በላሁ። ተረጋግቼ። እያየኝ። መጨረሻ ላይ ቀለበቱን አውልቄ ሻዩ ውስጥ ጣልኩለትና "ይኸው፣ አንተ እጠበው" አልኩት።»

መያዝ አቅቶኝ ሳቅኩ። እሷም ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

«አስጠላሁሽ?» አልኳት።

«በጣም።»

«መጀመሪያ ስናወራ... እኔም ተጸይፌሽ ነበር።»

«እሱን አውቀዋለሁ። እሱ አላስቀየመኝም። ከሥራዬ ግማሹ እኮ የሰው ፊት ሲጨማደድ ማየት ነው። ያስቀየመኝ ሌላ ነው። ያላለቀስኩትን አስለቅሰህ፣ ቁጭ ብለህ "እንዴት ታምር ነበር" አልክ። እሱ ሰውዬ የሚወዳት ሴት የምሆንለት ስጸዳለት ነበር፤ ለአንተ ደግሞ ሳለቅስ ነው። ምን ለያችሁ?»

ትክክል ነበረች። ጣቴን «ታጠብሽ?» የሚለው ቃል ላይ አደረግኩ።

«ቃሉን ላውጣው?»

«አሁን ብታወጣውማ ቀልዱ ለእነሱ ይቀራል፤ የእኔ መልስ ደግሞ የትም የለም።» እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ቃሉ ይኑር። ከነመልሱ ይኑር።»

«ልጽፈው ትፈቅጂልኛለሽ?»

«ይኸውልህ፣ አሁን ጠየቅክ» አለችኝ። «ጻፍ።»

ሰኞ አብረን አሳታሚው ጋ ሄድን። መጽሐፍ ሲታተም አስራ ስድስት ገጽ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ነው የሚወጣው። ገጽ 19 እና 22 አንዱ ወረቀት ላይ ናቸው፤ ገጽ 37 ደግሞ ከ33 እስከ 48 ካለው ጋር። ስለዚህ ሁለቱን ወረቀቶች ብቻ በአዲስ ማተም ይበቃል፤ የቀረው እንዳለ ይሰፋል። ችግሩ አዲሱ ጽሑፍ ከአሮጌው ከረዘመ ወደ ገጽ 49 ይፈሳል፤ ያኔ ሁሉም ይበላሻል።

«ስምንት መስመር አለህ» አለኝ አሳታሚው። «ከዚያ አንድ ቃል ብትጨምር መጽሐፉን በሙሉ ትደግመዋለህ።»

ስምንት መስመር ውስጥ ያን ሁሉ ዳቦ ማስበላት ቀላል አይደለም። እሷ ከጎኔ ተቀምጣ ትቆርጣለች። «"በኩራት" ምን ይሠራል? አውጣው። "ቀስ ብላ፣ በዝግታ" አልክ፤ አንዱ ይበቃል።» ስንጨርስ ሰባት መስመር ተኩል ሆነ። አሳታሚው አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ።

«ይሄን በመጀመሪያ ለምን አልሰጠኸኝም? ይሄማ ከዚያኛው በላይ ያስቆማል።»

«አልነበረኝም ጋሼ» አልኩት።

የመውጫው ቀን በሁለት ሳምንት ተገፋ። አሮጌዎቹ ወረቀቶች ሲቆራረጡ ቆሜ አየኋቸው። ደስ አላለኝም። ለሁለት ሺህ ሰው ልሰጠው የነበረ ነገር በዚያ መጠን ሲከመር ምን ያህል ቆሻሻ እንደሆነ ታያላችሁ።

ከዚያ ሁለተኛው ማስታወቂያ። የፊተኛውን አላረምኩትም፤ የታረመ ጽሑፍ ሥር ያሉት አስተያየቶች ስለምን እንደሚያወሩ ይጠፋል። አዲስ ጽፌ ከገጼ አናት ላይ ሰካሁት፣ አሮጌው ሥርም መጠቆሚያ አደረግኩ። ከመለጠፌ በፊት እሷ ሦስት ጊዜ አነበበችው። «ውድ ወዳጆቼ» የሚለውን ሰረዘች። «ቅምሻ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ሰረዘችው፤ ወረቀቱ ተቀደደ። የቀረው ይሄ ነው፤

«"ጓንት" የተሰኘው ልብ ወለዴ ሊወጣ ከነበረበት ቀን በሁለት ሳምንት ዘግይቷል። ያዘገየሁት እኔ ነኝ። ቀደም ሲል ከገጽ 37 ያወጣሁት ቃል ሰው አምኖ የነገረኝ ነበር፤ ሳልጠይቅ ወሰድኩት፣ ከዚያም አበላሸሁት። በቃሉ ሥር በተቀለደው ቀልድ እኔም ስቄያለሁ፤ አፍራለሁ። ገጹ ተቀይሯል። አሁን በፈቃድ እንዲህ ይላል፤

"«ታጠብሽ?» አላት። ታጥባ ነው የተቀመጠችው። «አልታጠብኩም» አለችው። ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበች። የመጀመሪያውን ዳቦ አነሳች፣ ቆረሰች፣ በላች። ሁለተኛውን አነሳች። እሱ እጇን ያያል፤ እሷ እሱን ታያለች። ሳህኑ ባዶ ሲሆን ቀለበቷን አውልቃ ሻዩ ውስጥ ጣለችለት። «ይኸው፣ አንተ እጠበው» አለችውና ተነሳች።"»

«ለጥፊው» አልኳት፤ ስልኬ በእሷ እጅ ነበር። ለጠፈችው።

ያጋራው ሰው የፊተኛውን ሩብ አይሞላም። «ደራሲው ፈራ» ያለኝ አለ። «የፊተኛው ይሻል ነበር፣ ያስለቅስ ነበር» ያለችኝ አለች። መጀመሪያ አስተያየት የሰጠችው የካርድ ክፍሏ ጓደኛዋ ናት፤ «ሲስተር አይደለችም፤ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት» ብላ ጻፈች፤ ሌላ ምንም አልጻፈችም። ልብ ሰጠኋት።

«እኛስ?» አልኳት።

እርሳሷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«እናቴ እስካሁን የሰማችው የፊተኛውን ነው» አለችኝ። «እሁድ እንሄዳለን። መጽሐፉን አንተ ታነብላታለህ። ከገጽ አንድ ጀምረህ።»

«ገጽ 37ንም?»

«ድምፅህን ሳትቀንስ።»

መጽሐፉ ቅዳሜ ወጣ፤ የመጀመሪያውን የተጠረዘ ቅጂ ይዤ እሁድ ሄድን። እናቷ ሶፋው ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሰላምታዬን ተቀበሉኝ፤ እንደ ድሮው ግን አልሳሙኝም። «አንብብ እስቲ፣ አንተ ደራሲ» አሉኝ። ያቺ «አንተ ደራሲ» የምትለዋ ውስጥ ያለውን ሰማሁት።

አነበብኩ። አንድ ሰዓት ያህል ሳያቋርጡኝ ሰሙ። ገጽ 37 ላይ ስደርስ ላብ ጀርባዬን አለፈ። ድምፄን አልቀነስኩም። «አንተ እጠበው» የሚለውን ጨርሼ ገጹን ልገልጥ ስል እናቷ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ። እዚያ ጋ ድገመው።»

ደገምኩት።

ልጃቸውን አዩ። ብዙ አዩዋት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቅ ነው። በነጠላቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ሁሉንም ዳቦ?» አሏት።

«ሁሉንም፣ እማዬ።»

«ይበለው። ለእኔ ብትነግሪኝ ሌላ ዳቦ እጨምርልሽ ነበር።»

ሳቃቸው ሲበርድ ወደ እኔ ዞሩ።

«እና አንተስ? ዛሬ መጽሐፍ ብቻ ነው ይዘህ የመጣኸው?»

«አይደለም፣ እማማ» አልኳቸው። «ቀለበትም ይዣለሁ።»

እሷን አየኋት። ከጎኔ ተቀምጣ መጽሐፉን ታያለች። እጄ ወደ ጃኬቴ ስትሄድ አቆመችኝ።

«ቆይ» አለችኝ፤ «መጀመሪያ ምዕራፉን ጨርስ።»

ጨረስኩ። ከዚያ ቀለበቱን ሰጠኋት፤ ተቀበለችኝ።